አጠቃቀምን በ«እስማማለሁ» አትለኪው

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ ማስተርስ ሁለተኛ አመት ነኝ። ቴሲሴ በሐዋሳ ከተማ ባሉ አነስተኛ ነጋዴዎች የሞባይል ክፍያ አጠቃቀም ላይ ነው። ሶስት ሪሰርች ኩዌስችን አለኝ፦ አጠቃቀማቸው ምን ደረጃ ላይ ነው፣ እምነት እና ጠቀሜታ አጠቃቀሙን ምን ያህል ይወስኑታል፣ ምን ችግር ይገጥማቸዋል። 58 ጥያቄ ጽፌ ይዤለት ስሄድ አድቫይዘሬ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ኦብጀክቲቭሽን አይለካም» ብሎ መለሰልኝ፣ ምኑ እንደማይለካ ግን አልነገረኝም። ከሪሰርች ኩዌስችን ወደ ቫሪያብል፣ ከዛ ወደ መጠይቅ እንዴት ነው የሚኬደው? መጠይቁን አያይዤዋለሁ፣ እባካችሁ።

ምላሽ፦

እህቴ መጠይቅሽን ሁለቴ አነበብኩት። አድቫይዘርሽ ልክ ነው፣ ምኑ ጋ እንደሆነ ሳይነግርሽ መመለሱ ግን ልክ አይደለም። እኔም በጊዜዬ እንደዚሁ ተብዬ ስመለስ የጎደለ መስሎኝ አንድ ወር ሙሉ ጥያቄ ስጨምር ከረምኩ። አሁን ስራዬ የሰው ዳታ ማጽዳት እና መተንተን ስለሆነ እንዳንቺ አይነት መጠይቅ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣልኝ፣ ያኔ ደሞ ምንም ማድረግ አይቻልም። አንቺ ገና ሳትበትኚው መጠየቅሽ ጥሩ ነው።

መጀመሪያ መጠይቁን ዝጊውና ባዶ ወረቀት አውጪ። ቻፕተር ፎር ላይ ለእያንዳንዱ ሪሰርች ኩዌስችን መልስ የሚሆነውን ሰንጠረዥ ቁጥር ሳትሞዪበት አሁን ሳዪው። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ጋ «አጠቃቀም» የሚል አምድ ትሰሪና እስክሪብቶውን ይዘሽ ትቆሚያለሽ፣ ምክንያቱም እዛ አምድ ውስጥ ምን እንደሚገባ አታውቂም። ፐርሰንት ነው? ብር ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ ነው? ወይስ አዎ እና አይ ብቻ ነው? ሪሰርች ኩዌስችን ወደ ቫሪያብል ተቀየረ የሚባለው አምዱ ውስጥ ምን አይነት ቁጥር እንደሚገባ ስታውቂ ነው። አንቺ ይሄን ዘለሽ በቀጥታ ጥያቄ መጻፍ ጀመርሽ፣ 58 የደረሰውም ለዛ ነው። ከ58ቱ ውስጥ ሰንጠረዡ ላይ ቦታ ያላቸውን ቆጠርኩልሽ፣ 19 ናቸው። ለምሳሌ «የባንክ ሂሳብ የከፈቱት በስንት አመተ ምህረት ነው» የሚለው የትኛው ሰንጠረዥ ላይ ሊገባ ነው? የትም።

ባዶ አምዱን ስትሞዪ ሌላም ነገር ይወጣል፣ እሱም እያንዳንዱ ረድፍ ማን ነው የሚለው ነው። ሰውየው ነው ወይስ ሱቁ? አንቺ «ነጋዴዎች» ብለሽ አልፈሻል፣ እሺ፣ ግን መናኸሪያ ሰፈር አንድ የጫማ ሱቅ ስትገቢ ባንኮኒው ላይ የምታገኚው ተቀጣሪ ልጅ ወይ የባለቤቱ እህት ልጅ ነው፣ ብሩ የሚገባበት ስልክ ደሞ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ባለቤቱ ቤቱ ምሳ እየበላ ነው። ልጁን «ሞባይል ክፍያ ታምናለህ» ብትዪው የራሱን ይነግርሻል፣ «ከሽያጩ ስንቱ በሞባይል ነው» ብትዪው ደሞ የሱቁን ነው የሚነግርሽ። የአንዱን ሰው እምነት ከሌላ ሰው ውሳኔ ጋር አገናኝተሽ ሪግሬሽን ሰራሽ ማለት ነው። ስለዚህ ሬስፖንደንትሽ በዛ ሱቅ ክፍያ በምን እንደሚቀበሉ የሚወስነው ሰው ይሁን፣ እሱ ከሌለ ቀጠሮ ይያዝ፣ ይሄንንም መጠይቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንደ ማጣሪያ ጥያቄ አስገቢው።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ ልምጣ። ክፍል ሁለት ላይ እንዲህ የሚሉ አምስት ጥያቄዎች አሉሽ፦ «የሞባይል ክፍያን በየጊዜው እጠቀማለሁ»፣ «የሞባይል ክፍያን በስፋት እጠቀማለሁ»፣ ሌሎቹም ይሄንኑ ይመስላሉ፣ መልሱ ከበጣም አልስማማም እስከ በጣም እስማማለሁ። ይሄ አጠቃቀምን አይለካም። አጠቃቀም ድርጊት ነው፣ ድርጊት ደሞ ይቆጠራል፣ እስማማለሁ አይባልበትም። በቀን ሶስት ሰው በቴሌብር የሚከፍላት ጉሊት ያለች ሴትዮ እሷን ከሚመስሉት ጋር ስታወዳድር «በጣም እስማማለሁ» ልትል ትችላለች፣ በቀን 40 ሰው የሚከፍለው ባለ ቡቲክ ደሞ ጎረቤቱ 60 ስለሚቀበል «እስማማለሁ» ብቻ ይልሻል። ያንቺ ዳታ ላይ ሴትየዋ 5 እሱ 4 ሆነው ይቀመጣሉ፣ እውነታው ደሞ ግልባጩ ነው። አማካዩ 3.87 ወጣ ብለሽ ስትጽፊ 3.87 ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አትችዪም።

ታዲያ በምን ይለካ? አጠቃቀም ስትዪ ቢያንስ ሶስት የተለያየ ነገር ልትዪ ትችያለሽ፣ ጀምሯል ወይ፣ በምን ያህል ድግግሞሽ፣ ከጠቅላላ ሽያጩ ምን ያህሉ። አንዱን ዋና አድርጊ። እኔ ብሆን የሽያጭ ድርሻውን ነው የምወስደው፣ ምክንያቱም ድግግሞሽ የሱቁን ትልቅነት ነው የሚያሳይሽ፣ ብዙ ደንበኛ ያለው ሁሉ ብዙ ጊዜ ተጠቀመ ይባላል። ድርሻ ግን ትንሹንም ትልቁንም በአንድ ሚዛን ያስቀምጥልሻል።

ግን ድርሻ ፈልገሽ «በወር ስንት ብር ትሸጣለህ፣ ከሱ ውስጥ ስንቱ በሞባይል ነው» ብለሽ እንዳትገቢ። አንደኛ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ብር ስትጠይቂ ነጋዴው ከገቢዎች የመጣሽ ነው የሚመስለው፣ የተማሪ መታወቂያሽን ብታሳዪውም ፊቱ አይፈታም። ሁለተኛ ቢፈልግም ወሩን አስታውሶ አያውቀውም፣ ገምቶ ነው የሚሰጥሽ፣ ግምቱም ክብ ቁጥር ነው። እኔ የማደርገው ባቄላ ይዤ እሄዳለሁ፣ የምሬን ነው። 20 ፍሬ ባቄላ ባንኮኒው ላይ ታፈሺና «መጨረሻ የሰሩበት ቀን ላይ የከፈሉዎት ደንበኞች እነዚህ 20ዎቹ ናቸው እንበል፣ ጥሬ ብር የከፈሉትን እዚህ ጋ፣ በስልክ የከፈሉትን እዛ ጋ ያድርጉልኝ» ትያለሽ። ሰውየው ይደረድራል፣ አንዷን ያነሳል፣ ይመልሳል፣ ትንሽ ያስባል፣ መጨረሻ ላይ በስልክ በኩል 7 ቀረ። 7 ለ20 ሲካፈል 35 ፐርሰንት ነው፣ ብር አልተጠየቀም፣ ማንም አልደነገጠም። በደንበኛ ቁጥር የወጣ ድርሻ በብር ከሚወጣው ሊለይ ይችላል፣ ትልልቁ ግዢ ወደ ስልክ ካደላ በብር የበለጠ ይሆናል፣ ያንን ሊሚቴሽን ላይ አንድ መስመር ጻፊበት። ቀኑም የገበያ ቀን መሆን አለመሆኑን ጎን ላይ መዝግቢ፣ ከገጠር የሚመጣው ገበያተኛ አከፋፈሉ ከከተማው ሰው የተለየ ሊሆን ስለሚችል በኋላ ልታነጻጽሪው ትፈልጊያለሽ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እንዳታልፊ፣ «በስልክ የከፈሉ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወስነሽ ለዳታ ኮሌክተሮችሽ በጽሁፍ ስጪያቸው። ቴሌብር ግልጽ ነው፣ ሲቢኢ ብርም ግልጽ ነው። ደንበኛው በባንክ መተግበሪያ ከራሱ ሂሳብ ወደ ነጋዴው የባንክ ሂሳብ ሲልክስ? ነጋዴው ሁለቱንም በአንድ ስም ነው የሚጠራቸው፣ ለሱ «በስልክ ላከልኝ» ነው፣ ላንቺ ግን ሊትሬቸርሽ ላይ ያወራሽው የትኛውን እንደሆነ ይወስነዋል። አንዱ ዳታ ኮሌክተር ያስገባል ሌላው ያስወጣል፣ ከዛ ሰፈር ለሰፈር ልዩነት አገኘሁ ብለሽ የምትጽፊው የዳታ ኮሌክተሮቹን ልዩነት ይሆናል። እኔ ሁለቱንም አስገብቼ በሌላ ጥያቄ እለያቸዋለሁ።

ወደ እምነት። እሱ አይቆጠርም፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ላይከርት፣ ያ ከበጣም አልስማማም እስከ በጣም እስማማለሁ ያለው ሚዛን፣ ትክክል ነው። ያንቺ ችግር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ክፍል ሶስት ተራ ቁጥር 2 ላይ ያለውን ጥያቄሽን ድምጽ አውጥተሽ አንብቢው፦ «ገንዘቤ አስተማማኝ ቦታ ስለሚቀመጥ እና ፈጣን ስለሆነ የሞባይል ክፍያ እጠቀማለሁ»። ይቺ አንድ አረፍተ ነገር ሶስት ነገር ትጠይቃለች፣ ያስተማምናል ወይ፣ ፈጣን ነው ወይ፣ ትጠቀማለህ ወይ። ያስተማምናል ግን ይዘገያል የሚል ሰው ምን ይመልስ? ይሄ ብዙ ጥያቄ በአንድ ማጨቅ ነው፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ክላስ ላይም ተምረሽዋል።

ከሱ የባሰው ግን ብዙ ሰው የማያየው ነው። አጠቃቀም ዲፔንደንት ቫሪያብልሽ ነው፣ እምነት ደሞ ኢንዲፔንደንት፣ አንቺ ግን «ስለሆነ እጠቀማለሁ» ብለሽ ሁለቱን አንድ ጥያቄ ውስጥ ከተትሻቸው። የማይጠቀም ሰው በሙሉ እዚህ ጋ «አልስማማም» ይላል፣ ቢያምንም ባያምንም፣ ምክንያቱም አይጠቀምም። የሚጠቀመው ደሞ ይስማማል። ከዛ ኮሪሌሽን ትሰሪና ትልቅ ቁጥር ይወጣል፣ ደስ ይልሻል፣ እምነት አጠቃቀምን ይወስናል ብለሽ ትደመድሚያለሽ፣ ያገኘሽው ግን አጠቃቀም ከአጠቃቀም ጋር እንደሚዛመድ ነው። መልሱን ጥያቄው ውስጥ ራስሽ አስገብተሽዋል። ስለዚህ ቀይ እስክሪብቶ ያዢና መጠይቁ ላይ ያለውን «ስለ» ሁሉ አክብቢ፣ «እና»ንም አክብቢ። እኔ ሳከብ «ስለ» 11 ቦታ ላይ አገኘሁ። ምክንያቱን ሬስፖንደንቱ እንዲነግርሽ አትጠይቂው፣ ሁለቱን ለየብቻ ለኪና ግንኙነቱን አንቺ በትንተና አግኚው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ገጽ አንድ ላይ «የሞባይል ክፍያ የማይጠቀሙ ከሆነ መጠይቁ እዚህ ያበቃል፣ እናመሰግናለን» ይላል። ለምን ታሰናብቻቸዋለሽ? አጠቃቀምን ምን ይወስነዋል ብለሽ እየጠየቅሽ የማይጠቀሙትን ካስወጣሽ የቀሩት ሁሉ ተጠቃሚ ናቸው፣ ማን ይጠቀማል ማን አይጠቀምም የሚለውን የሚያሳይ ልዩነት የለም፣ በጣም የሚጠቀም እና ትንሽ የሚጠቀም ብቻ ነው የሚቀርሽ። ምናልባት ዋናው መልስሽ ያለው እነሱ ጋ ነው፣ አንዴ ተጭበርብረው የተዉት ሰዎች እዛ ናቸው። ባቄላው ላይ በስልክ በኩል 0 የሚሆንበት ሰው ይቀጥል፣ ስለዚህ የእምነት ጥያቄዎችሽ የማይጠቀምም ሰው ሊመልሳቸው እንዲችል ሆነው ይጻፉ፣ «ስጠቀም ደህንነት ይሰማኛል» ሳይሆን ስለ አገልግሎቱ ራሱ።

እሺ እምነትን እንዴት ልበትነው ካልሽ፣ ከመጻፍሽ በፊት ሁለት ሶስት ሱቅ ሄደሽ ዝም ብለሽ አውሪ። ነጋዴው «አላምነውም» ሲል ስለ ምን እንደሆነ ስሚው። እኔ የሰማሁት ሶስት አይነት ነው። አንዱ ሲስተሙን አለማመን ነው፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ብሬ መሀል ላይ ይቀራል የሚል። ሁለተኛው የሰውን ነው፣ ደንበኛው የውሸት ስክሪንሾት ወይ የውሸት ሜሴጅ አሳይቶኝ እቃ ይዞ ይሄዳል የሚል። ሶስተኛው ስህተት ቢፈጠር ማን ይመልስልኛል የሚለው ነው፣ የተሳሳተ ቁጥር ላይ የገባ ብር ይመለሳል ወይ። እነዚህ ሶስቱ አንድ ቃል ይጋሩ እንጂ የተለያዩ ናቸው፣ አንድ ሰው ሲስተሙን አምኖ ደንበኛውን ላያምን ይችላል። ያንቺ ስድስት የእምነት ጥያቄዎች ግን ስድስቱም ስለ ሲስተሙ ናቸው፣ ስለ ስክሪንሾት አንድም የለም፣ ሱቅ ውስጥ የሚያጨቃጭቀው ግን እሱ ነው።

ለእያንዳንዱ አይነት ሶስት ሶስት ወይ አራት አራት ጥያቄ ይበቃል። ሁለተኛውን ብቻ ላሳይሽ። «ደንበኛ የሚያሳየኝ የክፍያ ማረጋገጫ እውነተኛ ነው ብዬ እተማመናለሁ»። «የማላውቀው ሰው በስልክ ከፈልኩ ሲለኝ ብሩ በትክክል ገብቷል ብዬ አምናለሁ»። «ሱቁ ሰው ሞልቶ ሲጣደፉብኝም በስልክ የተከፈለኝን ማረጋገጥ እችላለሁ» ብዬ ሶስተኛውን ጻፍኩና ሰረዝኩት፣ ምክንያቱም እሱ እምነት ሳይሆን ችሎታ ነው። እንዲህ እየጻፍሽ ትሰርዣለሽ፣ ሁሌም አንዱ ሾልኮ ወደ ሌላ ቫሪያብል ይገባል። በሱ ቦታ «በስልክ ክፍያ የሚያጭበረብር ደንበኛ ጥቂት ነው» አደረግኩት። እነዚህን ሴትየዋ ሞባይል ክፍያ ጀምራ የማታውቅ ብትሆንም ትመልሳቸዋለች፣ ሰምታለች፣ አስተያየት አላት።

ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሆነ አየሽ? ክላስ ላይ አንዳንዱን ገልብጡት ይባላል፣ ሰው ሳያነብ ሁሉንም «እስማማለሁ» እንዳይል። ሀሳቡ ልክ ነው፣ ግን በአማርኛ በአፍራሽ ግስ መሰራት የለበትም። «በሞባይል ክፍያ አልተማመንም» ብለሽ ስታነቢለት እና እሱ የሚያምን ከሆነ «አልስማማም» ማለት አለበት፣ አለመተማመኔን አልስማማበትም ማለት ነው፣ ገበያ መሀል ቆሞ ይሄን የሚፈታ ሰው የለም። ደሞ «አል» እና «ም» በጩኸት መሀል ይዋጣሉ፣ «እተማመናለሁ» ነው የሚሰማው። መገልበጥ ከፈለግሽ አፍራሽ ግስ ሳትጠቀሚ በትርጉም ገልብጪው፦ «በስልክ ሲከፈለኝ ብሩ እስኪገባ ልቤ ይሰቀላል»። ይሄን ሁሉም ሰው ይገባዋል።

ጠቀሜታን በተመለከተ ከባዶ አትነሺ። ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ስለ ጠቀሜታ ስድስት ስለ ቀላልነት ስድስት ጥያቄ ያለው ስኬል አለ፣ ሊትሬቸርሽ ላይም ጠቅሰሽዋል፣ መጠይቅሽ ላይ ግን የሱን ትተሽ የራስሽን ጽፈሻል። አንድም ጠቅሰሽ መጠቀም አለብሽ አንድም ለምን እንደተውሽው መንገር አለብሽ። ብቻ የሱ ጥያቄዎች ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ለሚጠቀም ሰራተኛ የተጻፉ ናቸው፣ «ስራዬን ቶሎ እንድጨርስ ይረዳኛል» የሚለው ለባለሱቅ ምን ማለት ነው? «ደንበኛ ቶሎ አስተናግጄ እንድሸኝ ይረዳኛል» ሲሆን ነው ትርጉም የሚሰጠው። ቃል በቃል መተርጎም እና ማዛመድ ይለያያል። ወደ ሲዳምኛ የምታስተረጉሚውንም አንዱ ተርጉሞ ሌላው፣ የመጀመሪያውን አማርኛ ያላየ ሰው፣ መልሶ ወደ አማርኛ ይተርጉመው፣ ሁለቱን አማርኛ ጎን ለጎን ስታስቀምጪ የጠፋው ነገር ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

ሶስተኛው ሪሰርች ኩዌስችንሽ፣ ችግሮቹ፣ እዚህ ጋም አጠቃቀም ላይ የተሳሳትሽውን ደግመሻል፣ 14 ችግር ዘርዝረሽ ሁሉንም ላይከርት አድርገሻቸዋል፣ «የኔትወርክ መቆራረጥ ችግር ነው»፣ «የተሳሳተ ቁጥር ላይ መላክ ችግር ነው»። ማን አይስማማም? ሁሉም ችግር ናቸው፣ ሁሉም ከ4 በላይ ያመጣሉ፣ የትኛው እንደሚብስ አታውቂም። የሚያስፈልግሽ የገጠመው ነገር ነው፦ «ባለፉት 30 ቀናት የከፈለዎት ሰው ብር ሳይገባልዎት የቀረበት አጋጣሚ ነበር? ስንት ጊዜ?» ከዛ «ብሩ በመጨረሻ ገባ?»። አምስት ስድስት አይነት አጋጣሚ ይበቃሻል። እነዚህን ደምረሽ አልፋ፣ ጥያቄዎቹ አብረው መሄዳቸውን የሚያሳየውን ቁጥር፣ እንዳትሰሪባቸው፣ ኔትወርክ የተቆራረጠበት ሰው የግድ በስክሪንሾት የተሸወደ ሰው መሆን የለበትም፣ አብረው እንዲሄዱ የሚያደርግ አንድ ውስጣዊ ነገር የለም። የእምነት ጥያቄዎች ግን ከስራቸው አንድ እምነት ስላለ አብረው መሄድ አለባቸው፣ አልፋ የሚሰራው ለእንደዛ ብቻ ነው።

አመላለሱ ላይ ትንሽ ልበል። መጠይቁን አንብባችሁ ነው የምትሞሉት፣ ስለዚህ አምስቱን አማራጭ በአንዴ አትደርድሩበት፣ የመጨረሻውን ነው የሚይዘው። መጀመሪያ «ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም» በይው፣ ከዛ «በጣም ነው ወይስ በመጠኑ»። ሁለት አጭር ጥያቄ አምስቱን ነጥብ ይሰጥሻል፣ መሀል ላይ ነኝ ያለ 3 ነው። «አላውቅም» ያለው ግን 3 አይደለም፣ ለሱ 99 ስጪው። ብዙ ሰው ይሄን ሁሉ 3 ውስጥ ይከተዋል፣ ከዛ «ሬስፖንደንቶቹ መካከለኛ እምነት አላቸው» ይጻፋል፣ እነሱ ግን ምንም አላሉም። አንዴ አንድ ልጅ 384 መጠይቅ አምጥቶልኝ ስከፍተው አንድ ሙሉ እሽግ ላይ ከላይ እስከ ታች 3፣ 3፣ 3 ነው፣ የእስክሪብቶው ቀለም ሳይቀር አንድ ነው። ዳታ ኮሌክተሩ ካፌ ተቀምጦ ሞልቶት ነው። የተገለበጠች ጥያቄ ሁሉንም 5 የሚሞላውን ትይዝልሻለች፣ ሁሉንም 3 የሚሞላውን ግን አትይዝም፣ 3 ሲገለበጥም 3 ነው። እሱን ከላይ የነገርኩሽ የቀን መመዝገቢያ እና የባቄላው ቁጥር ሊያጋልጠው ይችላል፣ ፈጥሮ የሚሞላ ሰው ባቄላውንም 10 ለ10 እያደረገ ሊደጋግመው ይችላል።

ከዛ ሙከራ። ሁለት አይነት ነው፣ አታቀላቅያቸው። የመጀመሪያው አምስት ስድስት ነጋዴ ጋ ሄደሽ ጥያቄውን ታነቢና መልሱን ከመመዝገብሽ በፊት «ይሄን ጥያቄ ምን ብሎ ጠየቀኝ ብለው ነው የተረዱት» ትያለሽ። አንዴ «የሞባይል ክፍያ አገልግሎት ሰጪው ለቅሬታዬ ተገቢውን ምላሽ ይሰጣል» የሚል ጽፈን አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ «አገልግሎት ሰጪው እኔ አይደለሁ እንዴ፣ ሱቁ የኔ» አሉን። ልክ ናቸው። «ቴሌ ወይም ባንኩ» ብለን ቀየርነው፣ ከነሱ በፊት አንብበው ያለፉት ሶስት ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ፓይለቱ ነው፣ 30 ሰው አካባቢ፣ ከዋናው ሳምፕል ውጪ፣ ዋናውን መናኸሪያ የምትሰሪ ከሆነ ፓይለቱን ታቦር ላይ አድርጊው። አልፋ የሚሰራው እዚህ ነው። የተገለበጠችውን መልሰሽ ሳትገለብጪ አልፋ ከሰራሽ ቁጥሩ ይወድቃል፣ ኔጌቲቭም ሊወጣ ይችላል፣ ሰው ደንግጦ ጥሩ ጥያቄ ይሰርዛል። የስክሪንሾቱን እምነት አራት ጥያቄ SPSS ላይ እንደዚህ አድርጊ፣ T4 የልብ መሰቀሏ ናት፦

```
MISSING VALUES T1 T2 T3 T4 (99).
RECODE T4 (1=5) (2=4) (3=3) (4=2) (5=1) INTO T4R.
RELIABILITY
  /VARIABLES=T1 T2 T3 T4R
  /SCALE('TRUST') ALL
  /MODEL=ALPHA
  /SUMMARY=TOTAL.
COMPUTE TRUST = MEAN.3(T1,T2,T3,T4R).
EXECUTE.
```

MEAN.3 ማለት ከአራቱ ቢያንስ ሶስቱን ለመለሰ ሰው ብቻ አማካይ ስራ ማለት ነው። አልፋው 0.70 እና ከዛ በላይ ከሆነ ይቀበሉሻል፣ ልማዱ እሱ ነው። ከሱ ዝቅ ካለ የእያንዳንዱን ጥያቄ ከሌሎቹ ድምር ጋር ያለውን ኮሪሌሽን የሚያሳየውን አምድ እይ፣ ከ0.30 በታች የሆነችው ናት የምታስቸግረው፣ ግን ከመሰረዝሽ በፊት ሄደሽ አንብቢያት፣ ብዙ ጊዜ ቃሏ ነው የተበላሸው። በጣም ከፍ ማለቱም አያስደስትሽ፣ 0.95 እና ከዛ በላይ ሲመጣ አንድን ጥያቄ በአራት ቃል ደጋግመሽ ጠይቀሻል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ደሞ አልፋ ጥያቄዎቹ አብረው መሄዳቸውን እንጂ እምነትን መለካታቸውን አይነግርሽም። እሱን የሚነግሩሽ ሽማግሌው ባለሱቅ ናቸው።

የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል በተመለከተ ባቄላውን መጀመሪያ አድርጊው፣ ሰውን ያዝናናል፣ ቀጥሎ እምነት እና ጠቀሜታ፣ ከዛ የገጠመው ችግር፣ እድሜ እና የትምህርት ደረጃ መጨረሻ። ችግሩን ከእምነት በፊት ካመጣሽው የተሸወደበትን ቀን አስታውሰሽው ነው እምነቱን የምትጠይቂው፣ መልሱን ዝቅ ታደርጊዋለሽ።

በዚህ ስሌት እኔ ስደምር ማጣሪያ 2፣ አጠቃቀም 3፣ እምነት 10፣ ጠቀሜታ 6፣ ችግር 6፣ የግል መረጃ 4፣ በጠቅላላ 31 ጥያቄ ነው የሚመጣው፣ ባንኮኒ ላይ ቆሞ 15 ደቂቃ ቢወስድ ነው። አድቫይዘርሽ ጋ ስትሄጂ መጠይቁን አይደለም መጀመሪያ የምታሳዪው። አንድ ገጽ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሪሰርች ኩዌስችኑ፣ ቫሪያብሉ፣ በምን እንደሚለካ፣ የጥያቄዎቹ ቁጥር፣ የትኛው ሰንጠረዥ ላይ እንደሚገባ አድርገሽ ያዢ፣ ባዶ የቀረ ሳጥን ካለ ከሱ በፊት አንቺ ታዪዋለሽ። የእምነቱን ሌሎች ሁለት አይነቶች ጽፈሽ እዚሁ ላኪልኝ፣ «ስለ» ካገኘሁበት እመልሰዋለሁ።